30 ኪሎ ታፔላ ሰቅዬ ሚዛኖቹ 49 አነበቡ፤ 19 ኪሎው ከየት መጣ?

ሰላም የመድረኩ ሰዎች።

እህቴ ልብስ ስፌት ቤት ከፍታለች። ታፔላውን የመስቀል ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ላሜራ ነው፤ ከነፍሬሙ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ ብየዳ ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። በረንዳው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ኮለን አለ። በሁለቱም ላይ እኩል ከፍታ ላይ መንጠቆ አስገባሁ። እኩልነቱን በውሃ ልክ አረጋግጫለሁ። ከየመንጠቆው አንዳንድ ገመድ መጥቶ አንድ የብረት ቀለበት ላይ ተቋጥሯል። ታፔላው ከቀለበቱ ሥር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል።

በሩ ወደ ግራ ስለሚጠጋ ታፔላውም መሃል ላይ አይደለም። ቀለበቱ ከግራው መንጠቆ 60 ሳንቲ ወደ ውስጥ፣ ከቀኙ ደግሞ 104 ሳንቲ ላይ ነው። ከሁለቱ መንጠቆዎች መስመር 60 ሳንቲ ዝቅ ይላል። በልጄ ፕሮትራክተር ስለካው የግራው ገመድ ከአግድም 45 ዲግሪ፣ የቀኙ 30 ዲግሪ ሆነ።

ገመዶቹ ስንት እንደሚሸከሙ ማወቅ ፈለግሁና ከጎረቤት ሁለት የሻንጣ ሚዛን ተዋስኩ። በየገመዱ መሃል አስገባኋቸው፤ ሚዛኑ የሚጨምረውን ርዝመትም ከገመዱ ቀነስኩ። ግራው 27 አለ። ቀኙ 22። ሲደመር 49። ታፔላው ግን 30 ነው።

ሁለተኛው ግራ ያጋባኝ ነገር፣ እኔ ረጅሙ ገመድ ብዙ ይሸከማል ብዬ ነበር። ወፍራሙን ገመድ እዚያ ነው ያሰርኩት። ሚዛኑ ግን አጭሩ ይበልጣል ይላል። የምታውቁ ንገሩኝ።

(ከሳምንት በኋላ የተጨመረ፦ ክሩ ስለረዘመና መሃል ላይ ጭቅጭቅ ስለበዛበት፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል ከታች አስፍሬያለሁ።)

1. የመጀመሪያው ሰውዬ ብዙ አላሰበም። ሚዛኑ ተበላሽቷል፣ ጣለው አለኝ። ሚዛኖቹን ግራና ቀኝ አቀያየርኳቸው። ግራው አሁንም 27፣ ቀኙ አሁንም 22። እንዲህ ነው ብዬ ስጽፍለት መልስ አልሰጠም።

2. ሁለተኛው ሁለት ገመድ ካለ ለሁለት ማካፈል ነው፣ 15 እና 15 መሆን አለበት አለ። አንግሉን ጨርሶ አላነሳም።

3. ይሄኛው ጥያቄውን በሌላ ተረዳው። አንግል ያልኩትን አንግል አይረን መስሎት፣ ለ30 ኪሎ ስንት በስንት እንደሚበቃና ዋጋው የት እንደሚሻል ዘርዝሮ ጻፈልኝ። ደግ ሰው ነው፤ መልሱ ግን ለእኔ ጥያቄ አልነበረም።

4. አንድ የብየዳ ባለሙያ ገባ። ሃያ ምናምን ዓመት ታፔላ ሲሰቅል ኖሯል። አጭሩ ገመድ ሁልጊዜ ይበልጥ እንደሚሸከም፣ ይህን ለማወቅም ሚዛን እንደማያስፈልግ ነገረኝ። ገመዱን በጣት መታ አድርጎ ማዳመጥ ይበቃል ባይ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሥራው እንደሚያሳይና ምክንያቱን ለተማሩት እንደተወው መለሰልኝ። ይህን ሰውዬ አትርሱት፣ ይመለሳል።

5. ነገሩን የከፈቱልኝ አንዲት የፊዚክስ መምህርት ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት እንደቀራቸው ጽፈዋል። መጀመሪያ ያሉኝ ነገር፣ ሁለቱን ንባቦች መደመሬ ራሱ ስህተት እንደሆነ ነው። ገመድ የሚጎትተው በራሱ መስመር ብቻ ነው። ገመዱ አጋድሎ ከታሰረ ጉልበቱ ለሁለት ሥራ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ላይ ያነሳል፣ ሌላው ወደ ጎን ይስባል። ታፔላውን የሚያነሳው የላዩ ድርሻ ብቻ ነው። የጎኑ ድርሻ ታፔላውን አይረዳም፤ ሁለቱ ገመዶች እርስ በርሳቸው የሚጓተቱበት ነው።

ከዚያ የእኔን ቁጥር ወስደው አሳዩኝ። የግራው 27 ኪሎ በ45 ዲግሪ ሲከፈል ወደ ላይ 19፣ ወደ ግራ 19 ይሆናል። የቀኙ 22 በ30 ዲግሪ ሲከፈል ወደ ላይ 11፣ ወደ ቀኝ 19። የጎኖቹ 19 እና 19 ተጠፋፉ፤ ለዚህ ነው ቀለበቱ ወዲህም ወዲያም የማይሄደው። የላዮቹ 19 እና 11 ሲደመሩ 30። ታፔላው!

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ሳቅሁ። ሦስት ቀን ሚዛኑን ስጠራጠር ነበር።

የሁለተኛውን ጥያቄዬንም በዚያው መለሱት። ሁለቱ ገመዶች ወደ ጎን እኩል መሳብ ግድ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመው ገመድ ያንኑ 19 የጎን ስበት ለማግኘት በጠቅላላው ይበልጥ መወጠር አለበት፤ ከተጋደመው ይልቅ ብዙ ጉልበቱ ወደ ላይ ስለሚሄድ። የተጋደመው ግን ወደ ጎን መሳብ ይቀናዋል። ወፍራሙን ገመድ የተሳሳተ ቦታ ነው ያሰርኩት ማለት ነው። በመጨረሻም ለክፍል ፈተና ከሆነ በኪሎ መጻፍ እንደማይቻል አስጠነቀቁ፤ 30 ኪሎው 294 ኒውተን መባል አለበት። እኔ ፈተና የለብኝም፣ በኪሎዬ ቀጠልኩ።

6. የ11ኛ ክፍል ተማሪ መጣ፤ መምህርቷ ሚዛኑን ማመናቸው ትክክል አይደለም ብሎ። በሳይንና በኮሳይን ሠርቶ ግራውን 15 ከግማሽ፣ ቀኙን 22 አገኘ። ቀኙ ከእኔ ሚዛን ጋር ገጠመ። ስለዚህ የተበላሸው የግራው ሚዛን ብቻ ነው አለ። የላይ ድርሻዎቹንም ደምሮ 30 እንደሚመጡ አሳየ። በጣም እርግጠኛ ነበር። እኔም ለአንድ ሰዓት ያህል አመንኩት፤ ሚዛኖቹን አቀያይሬ እንደነበር ረስቼ።

7. አንደኛው ሰውዬ ተመለሰ፤ ሚዛኑ ተበላሽቷል አላልኩም ወይ ለማለት።

8. መምህርቷ ልጁን አልተቆጡትም። ሥዕሉን ስሎ እንዲልክ ብቻ ጠየቁት። ላከ። ሥዕሉ ላይ የቀኙ ገመድ ሽቅብ ቆሟል። እኔ የላክሁት ፎቶ ላይ ግን የቀኙ ገመድ የተጋደመው ነው። 30 ዲግሪውን ከአግድም መለካት ሲገባው ከቁም መስመሩ ለክቶታል፤ ስለዚህ በእሱ ሥዕል ገመዱ ከአግድም 60 ሆኗል። 45 ደግሞ ከየትም ቢለካ 45 ስለሆነ የግራው ስህተቱን አላጋለጠበትም። የቀኙ 22 የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ድምሩ 30 መምጣቱም ምንም አያረጋግጥም፤ ልጁ በትክክል የሠራው የሌላ ታፔላ ሒሳብ ነው። መምህርቷ እንደሚሉት ይህን ስህተት በስሌት ፈትሾ ማግኘት አይቻልም። መልሱን ይዞ ሥዕሉን ማየት ነው፦ ይበልጥ የተወጠረው ገመድ ይበልጥ የቆመው ነው ወይስ አይደለም? በልጁ መልስ የበለጠው የቀኙ ነው፤ በፎቶው ግን የቀኙ የተጋደመው ነው። አልገጠመም።

9. ልጁ ይቅርታ ጠየቀና ወዲያው ሌላ ግኝት አመጣ። 49 ሲቀነስ 30 ይሆናል 19። የጎን ስበቱም 19። ስለዚህ የተረፈው ኪሎ የጎን ስበቱ ራሱ ነው! አራት ሰው አጨበጨበለት።

10. መምህርቷ ይሄም መገጣጠም ብቻ ነው አሉ። ሁለቱን ገመዶች 60 ዲግሪ አድርጎ እንዲሞክረው ነገሩት። ሞከረ፤ ድምሩ 34 ከግማሽ አካባቢ ሆነ፣ ትርፉ አራት ከግማሽ። የጎን ስበቱ ግን ስምንት ከግማሽ አካባቢ ነበር። የተረፈ ኪሎ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ አቅጣጫቸው የተለያየ ነገሮችን ደምሮ ትርፍ መፈለግ ከንቱ እንደሆነ ጽፈው ዘጉት። ትንሽ ኮስተር ያለ መልስ ነበር። ልጁ ደግሞ ተከፋ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልጻፈም።

11. አንዱ ሞቅ ብሎት ገባ። ለአንድ ታፔላ ይሄ ሁሉ ምንድነው? ከሥሩ ቱቦ ላሜራ ቁም አድርጎ መበየድ ነው። መምህርቷ የጡረታ ጊዜያቸው ስለደረሰ ሥራ ፈትተዋል እስከማለት ደረሰ። ይሄ ከመስመር ያለፈ ነበር። የመድረኩ አስተባባሪ ያንን አረፍተ ነገር ሰረዘው።

12፣ 13 እና 14. እዚህ ክሩ ተጠለፈ። አንዲት ሴት ፎቶውን አጉልታ አይታ፣ ታፔላው ላይ ሥፌት ተብሎ በሠ መጻፉን አስተዋለች፤ በሰ መሆን አለበት አለች። ሌላው ድምፁ አንድ ስለሆነ ልዩነት የለውም አለ። ሦስተኛው በግዕዙ ሰፈየ ብሎ ተሟገተ፣ ከዚያ ስለ ፀሐይና ጸሎት፣ ከዚያ ስለ በእጅ የሚጽፉ የድሮ ታፔላ ጸሐፊዎች። እህቴ ክርክሩን አንብባ አልተመቻትም፤ ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል።

15. እኔ በዚህ መሃል አንድ ነገር ጠየቅሁ። እህቴ ታፔላው ዝቅ አለ፣ የረጃጅም ሰው ጭንቅላት ይነካል ትላለች። ሁለቱን ገመዶች አሳጥሬ ቀለበቱን ወደ ላይ ብስበው፣ አሁን 60 ሳንቲ ያለውን ጥልቀት 15 ባደርገውስ? ያው ታፔላ ነው፣ ያው 30 ኪሎ።

16. ዱባይ የሚሠራ የክሬን ሪገር በሌሊት መለሰልኝ። በፍጹም አታድርገው ብሎ ነው የጀመረው። ሥራው ቀኑን ሙሉ ዕቃ በሁለት ገመድ አስሮ ለክሬን መስጠት ነው። እነሱ ዘንድ ገመድ ከአግድም 30 ዲግሪ በታች እንዲጋደም አይፈልጉም። ሁለት እኩል ገመዶች 30 ዲግሪ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የዕቃውን ሙሉ ክብደት ይሸከማሉ፤ ከዚያ በታች ከወረደ ከዕቃው በላይ።

ሳይንም ኮሳይንም ሳይነካ በሜትር ብቻ የሚሠራበትን መንገድ አሳየኝ። ጥልቀቱን ለግራው አግድም ርቀት ማካፈል፣ ጥልቀቱን ለቀኙ አግድም ርቀት ማካፈል፣ ሁለቱን መደመር። ክብደቱን ለዚህ ድምር ሲያካፍሉት የጎን ስበቱ ይወጣል። የእኔ፦ 60 ለ60 አንድ ነው፣ 60 ለ104 ደግሞ 0.58። ድምሩ 1.58። 30 ለ1.58 ሲካፈል 19። ከዚያ የየገመዱን ውጥረት ለማግኘት 19ን በገመዱ ርዝመት አብዝቶ ለአግድም ርቀቱ ማካፈል። ግራው ገመድ 85 ሳንቲ ስለሆነ 27፣ ቀኙ 120 ስለሆነ 22። ሁለቱም ከሚዛኑ ጋር ገጠሙ። ልጁ የተሳሳተበት ቦታ እዚህ የለም፣ አንግል ስለሌለ።

አሁን ጥልቀቱን 15 አድርገው አለኝ። ጥልቀቱ በአራት ሲያንስ የጎን ስበቱ በአራት ያድጋል፤ 19 የነበረው 76 ይሆናል። ገመዶቹ 78 እና 77 ይሸከማሉ። ለ30 ኪሎ ታፔላ! በዚያ ላይ መንጠቆው ከግድግዳው ወደ ውጭ በ76 ኪሎ ይነቀላል። የገባው ብሎኬት ላይ በፊሸር ከሆነ ገመዱ ሳይበጠስ መንጠቆው ከነፊሸሩ ይወጣል። ቋጠሮ ገመዱን እንደሚያዳክምም ጨመረ፤ ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ቋጠሮው ጋ ነው አለ።

17. እኔ ማመን ብቻ አልበቃኝም። ጥልቀቱን 30 ሳንቲ አድርጌ ሚዛኖቹን አየሁ። ግራው 42 ከግማሽ፣ ቀኙ 39 ከግማሽ። ሚዛኖቹ የሚችሉት እስከ 50 ድረስ ነው፤ እዚያው አቆምኩና ወደ 60 መለስኩት። ሁለቱ ቁጥሮች እየተቀራረቡ መምጣታቸውንም ያየሁት ያኔ ነው። ገመዶቹ ሲጋደሙ ሁለቱም ሥራቸው ጎን መሳብ ብቻ ይሆናል።

18. አንዲት የጸጉር ቤት ባለቤት የራሷን አመጣች። ሁለቱ ገመዶች ቀለበት ላይ ሳይሆን በታፔላው ሁለት ማዕዘን ላይ ታስረውላታል፤ አንዱ ቆሞ አንዱ ተጋድሞ። ታፔላው ሁልጊዜ አንድ ጎኑ ይዘቀዝቃል። ደጋግማ ብታስተካክለውም ተመልሶ ይዘቀዝቃል። ሪገሩ ሁለቱን ገመዶች በሐሳብ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ እንድታስረዝማቸው ነገራት። የሚገናኙበት ነጥብ ከታፔላው ክብደት መሃል ጋር በአንድ የቱምቢ መስመር ላይ ካልዋለ፣ ታፔላው እስኪውል ድረስ ራሱን ያዘንብላል። የእኔ ታፔላ ይህ ጣጣ የሌለበት ሁሉም ቀለበቱ ላይ ስለሚገናኝ ነው።

19. ሌላው አንድ ገመድ ወስዶ በቀለበቱ ውስጥ ቢያሳልፈው፣ ሳይቋጥረው፣ ልዩነቱ ምንድነው አለ። መልሱን የሰጠው ያው የብየዳ ባለሙያው ነው፣ ከልብስ ማስጫ ገመድ። እርጥብ ልብስ ያለበት መስቀያ ገመዱ ላይ ተንሸራትቶ የሚቆምበት ቦታ አለ። በቀለበት ውስጥ የሚያልፍ አንድ ገመድ ወዲህም ወዲያም ውጥረቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንግሎች እኩል እስኪሆኑ ቀለበቱ ይንሸራተታል። የእኔ ታፔላ ከበሩ በላይ ሳይሆን መሃል ላይ ሄዶ ይቆም ነበር። መምህርቷ ይህን መልስ በጣም ወደዱት፤ ከዚያ በኋላ አንቱ ብለው ነው የጻፉለት።

20. ሰውየው በዚያ ሞራል የከፍታውን ችግርም ፈታልኝ። ገመዱን ምን አስነካህ፣ ሰንሰለቱን አሳጥረው አለ። በቀለበቱና በታፔላው መካከል ያለው ሰንሰለት ቢያጥርም ቢረዝምም ቀለበቱ ላይ የሚወርደው ያው 30 ኪሎ ነው፤ ገመዶቹ አያውቁትም። ሦስት ቀን ያሰብኩበት ነገር በአንድ መቁረጫ አለቀ።

21. ግን ያ ሁልጊዜ አጭሩ ይበልጣል ያለው ነገር አልተረሳም። ሪገሩ ይህ የሚሠራው ሁለቱ መንጠቆዎች እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው አለ። ዋናው አንግሉ እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ብየዳው አልተቀበለም። ስንትና ስንት ታፔላ ሰቅሎ አንድም ቀን ሌላ ነገር አላየም። ዱባይ ያለ ሰው ስለ እኛ በረንዳ ምን ያውቃል የሚል ነገርም ጣል አደረገ። ሪገሩም መልሶ ወጋ አደረገው፤ እዚህ አልደግመውም።

22. እንግዲህ መሰላሉ እኔ ጋ ነው ያለው። የቀኙን መንጠቆ ነቅዬ 44 ሳንቲ ከፍ አድርጌ አስገባሁት። አሁን የቀኙ ገመድ 104 ሳንቲ ወደ ጎን፣ 104 ሳንቲ ወደ ላይ ይሄዳል፤ እሱም 45 ዲግሪ ሆነ። ርዝመቱ 147 ሳንቲ፣ የግራው አሁንም 85። ሚዛኖቹን መልሼ አስገባሁ። ግራው 21፣ ቀኙም 21። ፎቶውን ለጠፍኩ።

23. ብየዳው ፎቶውን አይቶ ለአንድ ቀን ዝም አለ። ከዚያ እሱ የሚሰቅለው ሁልጊዜ በውሃ ልክ እንደሆነ፣ መንጠቆ አበላልጦ የሚሰቅል ሰው አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ተሸነፍኩ ማለቱ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

24. ተማሪው ተመልሶ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፤ ነፋስ ሲመጣስ? መምህርቷ እስካሁን የተባለው ሁሉ ታፔላው ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ እንደሆነ፣ ሲወዛወዝ የገመዶቹ ውጥረት ከዚህ እንደሚበልጥ ነገሩት። ስንት ይበልጣል ሲባል ቁጥር የሰጠ የለም። ሪገሩ እነሱ ነፋስ ሲበረታ ክሬኑን እንደሚያቆሙ ብቻ ጻፈ። እኔ በታፔላው ሥር አንድ ቀጭን ገመድ ወደ ኮለኑ አስሬያለሁ። ይበቃል አይበቃም፣ የሚያውቅ ካለ ይጻፍ።

25. አንደኛው ሰውዬ ፎቶዬን አየ። ሁለት ሚዛን አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ ተጣብቋል ማለት ነው፣ ጣለው አለኝ።